የስጋት መጠባበቂያና የአመራር መጠባበቂያ፦ የትኛው ገንዘብ በየትኛው መስመር ይቀመጥ?

የፕሮጀክት በጀት እንዲያጸድቅ የቀረበለት የፋይናንስ ባለሙያ ከሥራ ዝርዝሩ ግርጌ ሁለት የመጠባበቂያ መስመሮችን ሲያገኝ መጀመሪያ የሚያድርበት ጥርጣሬ ለአንድ ዓይነት ፍርሃት ሁለት ጊዜ ገንዘብ እየተጠየቀ ነው የሚል ነው። ጥርጣሬው አንዳንዴ እውነት ሆኖ ይገኛል። መስመሮቹ በአግባቡ ሲዘጋጁ ግን እያንዳንዳቸው የሚመልሱት ጥያቄ ይለያያል፣ የሚያዝዝባቸው ሰው ይለያያል፣ በአፈጻጸም ሪፖርት ላይ የሚኖራቸው ቦታም ይለያያል። ስለዚህ አጽዳቂው የሚመርጠው ከሁለቱ አንዱን አይደለም፤ እያንዳንዱ የመጠባበቂያ ገንዘብ በየትኛው መስመር እንደሚገባና ቁልፉ በማን እጅ እንደሚሆን ነው የሚመርጠው።

መለያው መዝገቡ ነው

በተለምዶ ኮንቲንጀንሲ የሚባለው የስጋት መጠባበቂያ የሚያዘው አስቀድመው ለታወቁ ስጋቶች ነው። ስጋቱ መድረሱ እርግጠኛ አይደለም፤ ነገር ግን ምን ሊሆን እንደሚችል ተለይቶ በስጋት መዝገብ ላይ ሰፍሯል፣ የመድረስ ዕድሉና ቢደርስ የሚያስወጣው ገንዘብ ተገምቷል፣ የሚከታተለውም ሰው ተመድቦለታል። የአመራር መጠባበቂያ ወይም ማኔጅመንት ሪዘርቭ ደግሞ በዕቅዱ ጊዜ ማንም ላላሰበው፣ ነገር ግን በፕሮጀክቱ የሥራ ወሰን ውስጥ ለሚያጋጥም ነገር የሚያዝ ነው።

የፕሮጀክት ማኔጅመንት ኢንስቲትዩት አሠራር የሁለቱን ቦታ እንዲህ ይለያል። የሥራዎቹ ግምት ከስጋት መጠባበቂያው ጋር ሲደመር የወጪ ቤዝላይን ይሆናል፤ አፈጻጸም የሚለካውም በዚህ ላይ ነው። ቤዝላይኑ ላይ የአመራር መጠባበቂያው ሲጨመር ጠቅላላው የፕሮጀክት በጀት ይገኛል። የፕሮጀክቱ ሥራ አስኪያጅ እስከ ቤዝላይኑ ድረስ በራሱ ሥልጣን ያዝዛል፤ ከዚያ በላይ ያለውን ለመንካት ግን መደበኛ የለውጥ ጥያቄ አቅርቦ ከበላዩ ካለው አመራር ፈቃድ ማግኘት አለበት።

ከዚህ የሚወጣው መፈተኛ ቀላል ነው። ለአንድ መጠባበቂያ ገንዘብ ሲጠየቅ «ይህ በመዝገቡ ላይ ስንተኛው ረድፍ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ረድፍ ካለው ገንዘቡ በስጋት መጠባበቂያ ይያዛል። ረድፍ ከሌለው ሁለት ዕድል አለ፤ ወይ ስጋቱ በመዝገቡ ላይ መሥፈር የነበረበት ነው፣ ወይ ጥያቄው የአመራሩ ነው። «ለማንኛውም ይኑር» የሚል ምክንያት ብቻ ያለው ገንዘብ በቤዝላይን ውስጥ መቀመጥ የለበትም።

አንድ በጀት በቅርብ ሲታይ

አንድ ድርጅት ማሽን የሚገጠምለት የዕቃ ማከማቻ መጋዘን ያሠራል እንበል። የሥራዎቹ ግምት፣ ማለትም ምንም ስጋት ባይደርስ የሚወጣው ገንዘብ፣ 40 ሚሊዮን ነው። ከዚህ በኋላ ያሉት አኃዞች ሁሉ በሚሊዮን ናቸው፤ የገንዘቡ ዓይነት ለውጥ አያመጣም። በስጋት መዝገቡ ላይ ጉልህ ክብደት ያላቸው አራት ረድፎች አሉ።

| ስጋት | የመድረስ ዕድል | ቢደርስ የሚያስወጣው | የሚጠበቅ ዋጋ |
|---|---|---|---|
| የመሠረቱ አፈር ደካማ ሆኖ ተጨማሪ መሠረት መጠየቅ | 30 በመቶ | 4.0 | 1.2 |
| ማሽኑ ዘግይቶ ገጣሚዎች ሥራ መፍታት | 40 በመቶ | 1.5 | 0.6 |
| የብረት ዋጋ ከቀረበው ተመን በላይ መውጣት | 50 በመቶ | 1.6 | 0.8 |
| የእሳት አደጋ መከላከያ ንድፍ እንደገና እንዲሠራ መታዘዝ | 20 በመቶ | 2.0 | 0.4 |

የመጨረሻው ዓምድ የመድረስ ዕድሉ በሚያስወጣው ገንዘብ ሲባዛ የሚገኘው ነው፤ ድምሩም 3.0 ነው። ብዙ በጀቶች እዚህ ላይ ያቆሙና 3.0 የስጋት መጠባበቂያ ብለው ይጽፋሉ። የፋይናንስ አንባቢ ግን እዚህ ላይ ትንሽ መዘግየት ይገባዋል፤ ምክንያቱም 3.0 የረጅም ጊዜ አማካይ እንጂ ለዚህ አንድ ፕሮጀክት ይበቃል የሚባል መጠን አይደለም። ከአራቱ ስጋቶች ትልቁ ብቻውን ቢደርስ እንኳ 4.0 ይወስዳል፤ መጠባበቂያውም ያንን አንድ ክፍያ አይችለውም።

አራቱ ስጋቶች አንዱ ከሌላው ጋር ካልተያያዙ የሚፈጥሯቸው ጥምረቶች 16 ብቻ ስለሆኑ ስሌቱን በተራ የስሌት ሰሌዳ መሥራት ይቻላል። ውጤቱ እንዲህ ነው። 3.0 ቢያዝ ገንዘቡ የሚበቃበት ዕድል 49 በመቶ ነው፤ ሳንቲም ወርውሮ እንደመወሰን ማለት ነው። 4.0 ቢያዝ ዕድሉ ወደ 74 በመቶ ከፍ ይላል። 80 በመቶን ለማለፍ ግን 5.5 መያዝ ያስፈልጋል። ስጋቶቹ በርከት ሲሉና የሚያስወጡትም ገንዘብ አንድ ቁርጥ መጠን ሳይሆን ከዚህ እስከዚያ የሚል ሲሆን ይህንኑ ሥራ ሞንቴ ካርሎ በሚባለው የማስመሰል ስሌት ይሠሩታል፤ የሚያወጣው መልስ ግን ዓይነቱ ያው ነው።

ታዲያ የትኛው ይመረጥ? መልሱ በድርጅቱ እጅ ባሉት ፕሮጀክቶች ብዛት ላይ ይወሰናል። ድርጅቱ በአንድ ጊዜ ሃያ ተመሳሳይ ፕሮጀክቶች የሚያካሂድ ከሆነ በእያንዳንዱ ላይ 80 በመቶ የመተማመኛ መጠን መቆለል ካፒታልን ያለ ሥራ ማሰር ነው፤ አንዱ ጋ ያልደረሰው ስጋት ሌላው ጋ ለደረሰው ስለሚካካስ ለየፕሮጀክቱ ለአማካዩ የቀረበ መጠን ሰጥቶ ቀሪውን በማዕከል መያዝ ርካሽ ነው። መካካሱ የሚሠራው ግን ስጋቶቹ እርስ በርስ ሲራራቁ ነው። የብረት ዋጋ ቢወጣ በሃያዎቹም ላይ በአንድ ጊዜ ይወጣል። ፕሮጀክቱ ብቸኛና ለድርጅቱ ትልቅ ከሆነ ደግሞ አማካዩን መያዝ ትርጉም የለውም፤ የሚካካስለት የለምና።

በያዝነው ምሳሌ ድርጅቱ ጥቂት ፕሮጀክቶች ያሉት ነው፤ ትልቁን ስጋት ብቻውን መክፈል የሚችለውን 4.0ን መረጠ እንበል። ቤዝላይኑ 44.0 ሆነ። የአመራር መጠባበቂያው የቤዝላይኑ 5 በመቶ፣ ማለትም 2.2 ተደረገና ጠቅላላው በጀት 46.2 ሆኖ ጸደቀ።

ይህ 5 በመቶ ከየት መጣ ተብሎ ቢጠየቅ፣ በቀጥታ መናገር የሚሻለው ከስሌት አለመምጣቱን ነው። በብዙ ድርጅቶች ከ5 እስከ 10 በመቶ የመያዝ ልማድ አለ። ያልታሰበን ነገር መገመት ስለማይቻል ለአመራር መጠባበቂያ የረድፍ በረድፍ ማስረጃ መጠየቅ አግባብ አይደለም፤ ማስረጃ ያለው ረድፍ ከተገኘማ ቦታው እዚያ አይደለም። አግባብ የሆነው ጥያቄ ሥራው ለድርጅቱ ምን ያህል አዲስ ነው የሚለው ነው። አሥር መጋዘን ሠርቶ አሥራ አንደኛውን ለሚጀምር ድርጅት 5 በመቶ ሊበዛ ይችላል። ሠርቶት የማያውቀውን ቴክኖሎጂ ለሚያስገባ ግን 10 በመቶም ጠባብ ሊሆን ይችላል። ድርጅቱ የቀድሞ ፕሮጀክቶቹ መዝገብ ካለው ከሁሉ የተሻለው መነሻ በእነዚያ ላይ በመዝገብ ያልነበሩ ክስተቶች የወሰዱትን ገንዘብ ማየት ነው።

ገንዘቡ ሲንቀሳቀስ

የሁለቱ መስመሮች ልዩነት በወረቀት ላይ ከሚታየው ይልቅ ገንዘብ ሲወጣ ጎልቶ ይታያል። የምሳሌያችንን ፕሮጀክት ተከትለን እንሂድ።

ቁፋሮው ተጀምሮ የመሠረቱ አፈር ጠንካራ ሆኖ ተገኘ፤ የመጀመሪያው ስጋት ሳይደርስ ተዘጋ። በኋላ የብረት ዋጋ ወጣና ከተገመተው 1.6 ባነሰ መጠን፣ በ1.3 ጭማሪ ተገዛ። ሥራ አስኪያጁ ገንዘቡን ከስጋት መጠባበቂያው አውጥቶ ወደ ብረት ሥራው ሒሳብ አዛወረ፤ በመዝገቡም ላይ የትኛው ረድፍ እንደተከፈለበት አሰፈረ። ለዚህ ቦርድ አያስፈልገውም፣ ቤዝላይኑም አይለወጥም፤ ምክንያቱም 1.3ቱ መጀመሪያም በ44.0 ውስጥ ነበር። በመጠባበቂያው የቀረው 2.7 ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ድርጅቶች የሚዘሉት እርምጃ አለ። የቀሩት ስጋቶች የማሽኑ መዘግየትና የእሳት መከላከያው ንድፍ ብቻ ናቸው። ሁለቱም አንድ ላይ የሚደርሱበት ዕድል 8 በመቶ ነው፤ ስለዚህ 2.0 ቢያዝ ከመቶ በ92ቱ ይበቃል። 2.7 ይዞ መቀመጥ ምክንያት የለውም፤ 0.7ቱ በለውጥ ጥያቄ ከቤዝላይኑ ወጥቶ ለድርጅቱ ይመለሳል። ቤዝላይኑ 43.3፣ ጠቅላላው በጀት 45.5 ይሆናል። ስጋቱ ሲያልፍ ገንዘቡ ካልተመለሰ የስጋት መጠባበቂያ ስሙ ብቻ ይቀርና የሥራ አስኪያጁ የኪስ ገንዘብ ይሆናል፤ ገንዘብ ሥራ ፈትቶ እንዳይቀመጥ ሲባልም ያልታቀደ ጌጥ ይገዛበታል።

የጭነት መኪኖች መቆሚያው ሲቆፈር ግን በማንኛውም ካርታ ላይ ያልነበረ አሮጌ የነዳጅ ጋን ከመሬት ውስጥ ተገኘ። ጋኑን ለማውጣትና የተበከለውን አፈር አንስቶ ለማስወገድ 1.8 ተጠየቀ። በስጋት መጠባበቂያው ውስጥ 2.0 ስላለ ሥራ አስኪያጁ ከዚያ ከፍሎ ሥራውን መቀጠል ይችል ነበር፤ ብዙውም ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ይህን ካደረገ ግን ማሽኑ ሲዘገይ የሚከፍለው 0.2 ብቻ ይቀረዋል፤ ለማሽኑ የተያዘው ገንዘብ ለጋኑ መዋሉን ቀድሞ የሚያውቀው ሰው ደግሞ የለም። ጋኑ በመዝገብ አልነበረም፤ ስለዚህ ጥያቄው ወደ አመራር ይሄዳል። ሲፈቀድ 1.8ቱ ከአመራር መጠባበቂያ ወጥቶ ቤዝላይኑ ላይ ይጨመራል። ቤዝላይኑ ከ43.3 ወደ 45.1 ከፍ ይላል፣ የአመራር መጠባበቂያው ወደ 0.4 ይወርዳል፣ ጠቅላላው በጀት 45.5 እንደሆነ ይቆያል።

ይህ አካሄድ ዋጋ አለው። አመራሩ በሦስት ወር አንዴ ብቻ የሚሰበሰብ ከሆነ ቆፋሪው ማሽን ቆሞ የሚቆጥረው ኪራይ ከጋኑ ወጪ ጋር ሊፎካከር ይችላል። ስለዚህ የአመራር መጠባበቂያ ሲጸድቅ አብሮ መጽደቅ ያለበት ደንብ አለ፤ እስከ የትኛው መጠን ስፖንሰሩ፣ ማለትም ፕሮጀክቱን በአመራር በኩል የሚደግፈው ኃላፊ፣ ብቻውን ይፈቅዳል፣ ከየትኛው በላይ ቦርዱ፣ መልሱስ በስንት ቀን ውስጥ ይሰጣል የሚሉት በጽሑፍ ይወሰናሉ። ይህ ደንብ ከሌለ ሥራ አስኪያጆች መንገዱ ስለሚረዝምባቸው ገንዘቡን ከጅምሩ በሥራ ግምቶቻቸው ውስጥ መደበቅ ይለምዳሉ።

ድንበር ላይ የሚቆሙ ጥያቄዎች

ከሁሉ የሚያከራክረው የታወቀ ስጋት ከተገመተለት በላይ ሲያስወጣ ነው። አፈሩ ደካማ ሆኖ ተገኝቶ ተጨማሪው መሠረት 4.0 ሳይሆን 5.2 ቢወስድ ትርፉ 1.2 ከየት ይከፈላል? በመጀመሪያ ከስጋት መጠባበቂያው ያለው ሁሉ ይወጣል። የጎደለው ቤዝላይኑን ስለሚያልፍ በፈቃድ ከአመራር መጠባበቂያ መሸፈን ይቻላል፤ ነገር ግን ጥያቄው «ያልታሰበ ክስተት» ተብሎ መጻፍ የለበትም። ክስተቱ ታስቦ ነበር፤ የተሳተው መጠኑ ነው። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ ሊመስል ይችላል፤ ሆኖም ለሚቀጥለው ፕሮጀክት የሚወሰደው እርምት የተለያየ ነው። ያልታሰበ ነገር ሲበዛ የሚስተካከለው ስጋት የመለየት ሥራው ነው፤ መጠኑ ሲሳት ግን የሚስተካከለው የግምት ዘዴው ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የሥራ ወሰን ጭማሪ ነው። ባለቤቱ መጋዘኑ ላይ አንድ የቢሮ ፎቅ ይጨመርልኝ ቢል ከሁለቱም መጠባበቂያዎች አንድም ሳንቲም አይነካም። አዲስ ሥራ አዲስ ገንዘብ ይፈልጋል፤ የራሱ የአዋጭነት ስሌትም ያስፈልገዋል። የአመራር መጠባበቂያ በአመራር እጅ ስላለ ብቻ ለአመራር ፍላጎት የሚውል የሚመስላቸው አሉ፤ መስመሩ ቶሎ የሚጠፋውም በዚህ ነው።

የዋጋ ግሽበትና የምንዛሪ ለውጥስ? ሊደርሱ እንደሚችሉ የታወቁ ስለሆኑ ወደ ስጋት መጠባበቂያ መወርወር ይቀናል። በወጪ ምሕንድስና ዘርፍ የሚታወቀው ኤ.ኤ.ሲ.ኢ ኢንተርናሽናል ግን የዋጋ ንረትንና የምንዛሪን ተጽዕኖ ከኮንቲንጀንሲ ትርጉም ውጭ ያደርጋቸዋል፤ የፋይናንስ ክፍልም ይህን መለያየት ሊወደው ይገባል። ግሽበት በራሱ መስመር፣ በራሱ ግምት ሲቀመጥ ከድርጅቱ ጠቅላላ የግሽበት ግምት ጋር ማስታረቅ ይቻላል። ከሌላው ጋር ከተቀላቀለ ግን የትኛው ገንዘብ ለአፈር፣ የትኛው ለግሽበት እንደዋለ ማንም መልሶ አይለየውም። በምሳሌያችን የብረቱ ረድፍ በመዝገብ የሰፈረው አንድ የታወቀ ግዢ ከቀረበለት ተመን ሊርቅ ስለሚችል ነው፤ የጠቅላላ ዋጋ ንረት መያዣ አይደለም።

በሒሳብ መዝገብና በጥሬ ገንዘብ በኩል

ሁለቱም መጠባበቂያዎች የበጀት ፈቃዶች ናቸው እንጂ የሒሳብ ምዝገባ አያስከትሉም። በዓለም አቀፉ የሒሳብ አያያዝ ደረጃ አይ.ኤ.ኤስ 37 መሠረት ፕሮቪዥን የሚመዘገበው ካለፈ ክስተት የመጣ ነባር ግዴታ ሲኖር፣ ለዚያም ገንዘብ መውጣቱ ካለመውጣቱ የበለጠ ዕድል ሲኖረውና መጠኑን በአስተማማኝ መገመት ሲቻል ነው። የማሽኑ መዘግየት 40 በመቶ ዕድል ያለው የወደፊት ክስተት ነው፤ ያለፈ ክስተት የለም፣ ግዴታም የለም። ስለዚህ የዓመቱ መዝጊያ ሲደርስ ያልተነካውን 2.0 ወጪ ወይም ዕዳ አድርጎ መመዝገብ ስሕተት ነው። የበጀት ዘመኑ ከማለቁ በፊት «እንዳይመለስብን» ተብሎ በቅድሚያ ክፍያ ለአቅራቢ የሚላክ የመጠባበቂያ ገንዘብም ከዚሁ ስሕተት ብዙ አይርቅም።

በጥሬ ገንዘብ በኩል ግን ሁለቱ ይለያያሉ፤ ግምጃ ቤቱን የሚመራው ሰው ሊያውቀው የሚገባውም ይህንን ነው። የስጋት መጠባበቂያው በአብዛኛው የሚወጣ ገንዘብ ነው። እያንዳንዱ ስጋት ደግሞ ሊደርስ የሚችልበት ወቅት ስላለው (አፈሩ በቁፋሮ ጊዜ፣ ማሽኑ በተከላ ጊዜ) በገንዘብ ፍሰት ዕቅዱ ላይ በየወሩ መደልደል ይቻላል። የአመራር መጠባበቂያ ወቅት የለውም፤ ላይወጣም ይችላል። ስለዚህ ሁለቱንም በባንክ ተቀማጭ አድርጎ ከመያዝ የመጀመሪያውን በፍሰት ዕቅዱ አስገብቶ ሁለተኛውን ባልተሳበ የብድር ጣሪያ መሸፈን ብዙ ጊዜ ይረክሳል፤ የብድር ጣሪያው የራሱ የማቆያ ክፍያ ቢኖረውም።

ስሞቹ የሚገለበጡበት ቦታ

ከሌላ ድርጅት ጋር ውል የሚፈራረም አንባቢ አንድ ነገር ይጠንቀቅ። በአሜሪካ መንግሥት የኢነርጂ መሥሪያ ቤት የካፒታል ፕሮጀክቶች ላይ ማኔጅመንት ሪዘርቭ የሚባለው በሥራ ተቋራጩ እጅ ያለውና በውሉ ወሰን ውስጥ ላሉ ስጋቶች የሚውለው ገንዘብ ነው፤ ኮንቲንጀንሲ ደግሞ ከውሉ ውጭ በመንግሥት እጅ የሚቆየው ነው። ከላይ ከተገለጸው ጋር ሲተያይ ስሞቹ ቦታ የተለዋወጡ ይመስላል። እዚያ ላይ መለያው ገንዘቡ በማን እጅ ነው የሚለው ነው። ስለዚህ የውሉን ሠንጠረዥ ሲያነቡ በስሙ ሳይሆን በሦስት ጥያቄዎች መለየት ያዋጣል፦ ማን ያዝዝበታል፣ አፈጻጸም ከሚለካበት ቤዝላይን ውስጥ ነው ወይስ ውጭ፣ ካልወጣስ ለማን ይመለሳል?

ድብልቅ በጀት እንዴት ይታወቃል?

መጠባበቂያዎቹ ሲደባለቁ የመጀመሪያው ተጎጂ የአፈጻጸም ልኬቱ ነው። የምሳሌያችን 40.0 የሥራ ግምት ግማሹ ተሠርቶ 21.0 ወጣ፤ ስጋትም አልደረሰም እንበል። የተሠራው ሥራ ዋጋ 20.0 ስለሆነ የወጪ ብቃት መለኪያው 20.0 ሲካፈል ለ21.0፣ ማለትም 0.95 ነው፤ ሥራው ከታሰበው በላይ እየወሰደ ነው። አሁን ሁለቱ መጠባበቂያዎች፣ ጠቅላላ 6.2፣ በየሥራው ግምት ውስጥ ተበትነው ነበር እንበል። የግማሹ ሥራ ዋጋ 23.1 ይሆንና መለኪያው 1.10 ያሳያል። ያው ሥራ፣ ያው ወጪ ነው፤ አንዱ ሪፖርት ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፣ ሌላው ምስጋና ያስገኛል። መለኪያው ከአንድ በላይ ሆኖ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ፕሮጀክት ሁልጊዜ የጥሩ አመራር ውጤት አይደለም፤ በግምቱ ውስጥ የተደበቀ ስብ አለ ወይ ብሎ መመርመር ተገቢ ነው።

ሌላው ምልክት በስጋት መጠባበቂያው አወጣጥ ላይ ይታያል። ብዙዎች «ሥራው 30 በመቶ ሲደርስ መጠባበቂያው 60 በመቶ አልቋል» ብለው ይደነግጣሉ። ይህ ብቻውን አያስደነግጥም፤ ትልልቆቹ ስጋቶች መጀመሪያ ላይ ከነበሩ ገንዘቡም መጀመሪያ ላይ ይወጣል። መነጻጸር ያለበት የቀረው መጠባበቂያ ከቀሩት ስጋቶች ጋር ነው። የቀሩት ስጋቶች የሚጠበቅ ዋጋ ከቀረው ገንዘብ ሲበልጥ ያኔ መደንገጥ ተገቢ ነው፤ ወጪ ተደርገው የረድፍ ቁጥር የሌላቸው ክፍያዎች ሲገኙም እንዲሁ።

ፋይናንስም በዚህ ጥፋት ውስጥ ድርሻ አለው። የቀረበን በጀት ሳይመረምሩ ከላይ 10 በመቶ መቁረጥ የተለመደ ሥራ ከሆነ፣ የሚቀጥለው በጀት 10 በመቶ አብጦ እንደሚመጣ መገመት አያስቸግርም። መቁረጥ ካስፈለገ ረድፍ መርጦ መቁረጥ ይሻላል፤ የአፈሩን ስጋት 30 በመቶ ያደረገው ምን መረጃ ነው፣ ተጨማሪ የአፈር ምርመራ ቢደረግስ ምን ያህል ይወርዳል ተብሎ ሲጠየቅ የሚነሳው ክርክር ሁለቱንም ወገን ያስተምራል።

የምሳሌያችን ፕሮጀክት አልቆ ማሽኑ ዘግይቶ 1.5 አስወጣ፣ የእሳት መከላከያው ንድፍ ግን እንደቀረበ ጸደቀ እንበል። ከስጋት መጠባበቂያው የተረፈው 0.5 እና የአመራሩ 0.4 ተመልሰው የመጨረሻው ወጪ 44.6 ሆነ። ይህ ፕሮጀክት ከበጀት አልፏል ወይስ ተርፎታል? መጀመሪያ ከጸደቀው 44.0 ቤዝላይን አንጻር በ0.6 አልፏል። በአመራር ፈቃድ ከተስተካከለው 45.1 አንጻር 0.5 ተርፎታል። ከመጀመሪያው ጠቅላላ በጀት 46.2 አንጻር ደግሞ 1.6 ተርፎታል። ሥራ አስኪያጁን ለመመዘን የሚያገለግለው ሁለተኛው ነው፤ የጋኑ ወጪ በእርሱ አይታሰብም፣ የተመለሰው 0.7ም እንደ ቁጠባ አይቆጠርለትም። የገማቾቹን ሥራ ለመመዘን የመጀመሪያው ይሻላል። ሦስተኛው የሚጠቅመው ካፒታል ለሚደለድለው ሰው ነው፤ ለዚህ ፕሮጀክት ታስሮ ሳይፈለግ የቀረው ገንዘብ ምን ያህል እንደሆነና ከእርሱም ውስጥ 0.7ቱ ፕሮጀክቱ ገና በሂደት ላይ እያለ ለሌላ ሥራ መለቀቁን ያሳየዋል።